ሰዓቱ ከውሉ ሲያልፍ፦ ለጠበቃ የሚጻፍ የሒሳብ ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ያሉ ጠበቆች ሰዓታቸውን በስድስት በስድስት ደቂቃ ይቆርሱታል። ሒሳባቸው ላይ 0.1 ተብሎ የሚጻፈው የሰዓት አንድ አሥረኛ ነው። 0.5 ግማሽ ሰዓት፣ 2.3 ደግሞ ሁለት ሰዓት ከ18 ደቂቃ ማለት ነው። አንዳንዱ ቢሮ በሩብ ሰዓት ይቆጥራል። የሁለት ደቂቃ ስልክ በመጀመሪያው አቆጣጠር ስድስት ደቂቃ፣ በሁለተኛው 15 ደቂቃ ያስከፍላል። አገር ቤት ጠበቃ ይዞ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲደርሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እኛ የለመድነው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጥ ዋጋ ወይም ከሚገኘው ገንዘብ ላይ በመቶኛ ነውና። ላዳ ታክሲ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ዋጋ እንደምንነጋገር ሁሉ፣ ከጠበቃም ጋር ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል።

በሰዓት የሚከፈለው ጠበቃ ግን ቆጣሪ አለው። ነገሩ የገባቸው ደንበኞች ለዚህ ነው ውሉ ላይ ጣሪያ የሚያስቀምጡት። «ሥራው ከዚህ ሰዓት አያልፍም፤ የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ የደንበኛው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ጠበቃው ያን ጣሪያ ጥሶ የእጥፍ ሒሳብ ሲልክ ደንበኛው ምን ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ እንዳለበት ይመለከታል። ቦታውን ዲሲ ያደረግነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አካባቢ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና የትራንስፖርት ድርጅት ያላቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ የዲሲ ደንብ ለደንበኛው ከብዙ ቦታዎች የተሻለ መሣሪያ ይሰጠዋል።

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ አንድ ምሳሌ እንሥራ። የምግብ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት የኪራይ ውሏ ሊያበቃ ተቃርቧል፤ አከራዩም የዋጋ ጭማሪና አዲስ ግዴታዎች አምጥቷል። ጠበቃ ያዘች። ውሉ የሰዓቱ ዋጋ 320 ዶላር እንደሆነና ማንም ቢሠራው እንደማይለወጥ፣ ጊዜ የሚቆጠረው በ0.1 እንደሆነ፣ የኪራይ ድርድሩ ከ18 ሰዓት እንደማያልፍ፣ ከዚያ በላይ ያለ ደንበኛዋ የጽሑፍ ፈቃድ እንደማይሠራ ይገልጻል። 18 ሰዓት በ320 ሲባዛ 5,760 ዶላር ነው። ለኪራዩ ሥራና ሊከተል ለሚችል ሌላ ጉዳይ ይሁን ተብሎ 8,000 ዶላር አስቀድማ ከፈለች፤ ገንዘቡም ጠበቃው የአደራ ሒሳብ ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያው ወር ሒሳብ 7.5 ሰዓት፣ 2,400 ዶላር ነበር። ከአደራው ተነሥቶ 5,600 ቀረ። የሁለተኛው ወር ሒሳብ ሲመጣ ግን 34.2 ሰዓት፣ 10,944 ዶላር ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ 5,600 ዶላር ከአደራ ሒሳብዎ ይነሣል፤ ቀሪውን 5,344 ዶላር በ15 ቀን ውስጥ ይክፈሉ። በሁለቱ ወር የተቆጠረው ሰዓት ሲደመር 41.7 ነው። ውሉ የፈቀደው ግን 18 ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል፤ ወይ ስልክ አንሥቶ ይጮኻል፣ ወይ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዝም ይላል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። የስልኩ ጩኸት ለማስረጃ የሚሆን ነገር አይተውም፤ አንዳንዱ ቢሮማ ስልኩን ራሱን 0.4 ብሎ ይመዘግበዋል። ዝምታው ደግሞ የባሰ ነው። በአሜሪካ የውል ሕግ የተላከለትን ሒሳብ ይዞ ለረጅም ጊዜ ተቃውሞ ያላሰማ ሰው ሒሳቡን እንደተቀበለ ሊቆጠርበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ጠበቃው «ሰዓቱ ልክ ነው» ብሎ መሟገት ላያስፈልገው ይችላል፤ «ልኬላታለሁ፣ አልተቃወመችም» ማለቱ ብቻ ያግዘዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሒሳቡ በደረሰ በቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ መውጣት አለበት።

ከመጻፉ በፊት ግን ውሉ እንደገና መነበብ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። የሚፈለገው ቁጥሩ በምን ቃል እንደታሰረ ነው። «ከ15 እስከ 18 ሰዓት ይፈጃል ብለን እንገምታለን» የሚል ዐረፍተ ነገር ግምት ነው፤ ጣሪያ አይደለም። ግምት በብዙ እጥፍ ሲያልፍ ጠበቃው ለምን አላሳወቀኝም ማለት ይቻላል፤ ክፍያው ተገቢ አይደለም ብሎ መከራከርም ይቻላል። ግን ቁጥሩ ራሱ አያስረውም። «አያልፍም»፣ «ቢበዛ»፣ «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይሠራም» የሚሉ ቃላት ግን ያስሩታል። ሁለተኛው የሚታየው ነገር ጣሪያው የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን ነው። የኪራይ ድርድሩን ብቻ ሸፍኖ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በሌላ ዋጋ የሚል አንቀጽ ይኖር ይሆናል። ውሉ በእጅ ከሌለ ጠበቃውን መጠየቅ ነው። በዲሲ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 1.5 መሠረት፣ ጠበቃው ዘወትር የማያገለግለውን ደንበኛ ሲቀበል የክፍያውን መሠረት፣ የሥራውን ወሰንና ደንበኛው የሚሸፍናቸውን ወጪዎች በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

የምሳሌያችን ባለቤት ውሉን አይታ ጣሪያው እውነተኛ ጣሪያ መሆኑን አረጋገጠች። ቀጥላ 34.2 ሰዓቱን በመስመር በመስመር አነበበች። ያገኘችው የሚከተለው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 7.4 ሰዓት «የኪራይ ውል ማንበብ፣ ጥናት፣ ከአከራይ ጠበቃ ጋር ስልክ፣ ደብዳቤ ማርቀቅ» ተብሎ በአንድ መስመር ተጨፍልቋል። አዲስ የገባ ረዳት ጠበቃ ፋይሉን ለማወቅ ያነበበበት 5.2 ሰዓት አለ። ባለ አንድ መስመር 12 ኢሜይሎች እያንዳንዳቸው 0.3 ተቆጥረው 3.6 ሰዓት ሆነዋል። ለፎቶ ኮፒና ቀጠሮ ለማስያዝ 1.8 ሰዓት ተይዟል። ስለ ሒሳቡ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ የተሰጠበት 0.6 ሰዓትም አለ። ሌላ 4.5 ሰዓት ደግሞ ባንኳ ስለ ዕቃ ብድር የላከላትን ደብዳቤ ለማየት የዋለ ነው። ቀሪው 11.1 ሰዓት ላይ የምትነቅፈው ነገር አላገኘችም።

የባንኩ ደብዳቤ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ደንበኛ የሚሸነፈው እዚህ ነውና። ያንን ሥራ በስልክ ያዘዘችው ራሷ ናት። የኪራይ ድርድሩ አካል አይደለም፤ ስለዚህ ጣሪያው ሥር አይወድቅም። «አልፈረምኩም» ብላ ልትክደው ትችል ይሆናል። ነገር ግን ጠበቃው «በቃል አዘዘችኝ፣ ሠርቼ አስረከብኳት፣ ተጠቀመችበት» ቢል የሚሰማው ጆሮ ያገኛል፤ ያን ጊዜ የደብዳቤዋ ሌላው ቃል ሁሉ ይጠረጠራል። እኔ የምመክረው ሳይጠየቁ ማመን ነው። 4.5 ሰዓት በ320፣ 1,440 ዶላር። ይህን እከፍላለሁ ማለቷ ስለ ቀሪው የምትናገረውን ያጠነክረዋል።

አሁን ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ከ18ቱ ሰዓት 7.5ቱ በመጀመሪያው ወር አልቋል፤ የቀረው 10.5 ሰዓት ነው፤ 3,360 ዶላር። የባንኩ 1,440 ሲጨመርበት 4,800 ዶላር ትቀበላለች። ከ10,944 ላይ 4,800 ሲቀነስ 6,144 ዶላር ይቀራል፤ የ19.2 ሰዓት ክፍያ ማለት ነው። ክርክሩ በዚህ ላይ ነው። አደራ ሒሳቡ ውስጥ 5,600 ስላለ ያመነችው 4,800 ከዚያው ሊነሣ ይችላል፤ 800 ዶላር ይተርፋል። ያ 800 የክርክሩ አካል ነውና እዚያው መቀመጥ አለበት።

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የደንበኛዋ ልመና ሳይሆን ደንብ ነው። በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ፣ ደንበኛዋ አውቃና ፈቅዳ በሌላ መንገድ ካልተስማማች በስተቀር፣ ሥራው እስኪሠራ ድረስ የእሷ ነው። የደንብ ቁጥር 1.15 ደግሞ ጠበቃና ደንበኛ በአንድ ገንዘብ ላይ ሲከራከሩ፣ ክርክር ያለበት ክፍል እስኪፈታ ድረስ ከጠበቃው ገንዘብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ያዛል። በአሜሪካ የአደራ ሒሳብን ማዛባት ጠበቃን ፈቃድ ከሚያስነጥቁ ጥፋቶች ዋነኛው ነው። ስለዚህ ሌላው አንቀጽ ቸል ቢባል እንኳ «ክርክር ያለበትን ገንዘብ ከአደራው አያንሡ» የሚለው መስመር ቢሮው ውስጥ ይነበባል።

አሁን ወደ ክርክሩ ቅደም ተከተል እንምጣ፤ የደብዳቤው ጥንካሬ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሰው ሒሳቡን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሚያናድዱት መስመሮች ላይ ነው፤ ለፎቶ ኮፒ በሰዓት 320 ዶላር፣ ለአንድ መስመር ኢሜይል 96 ዶላር። ደብዳቤውን በእነሱ ይጀምርና ስለ ጣሪያው በመጨረሻ ይጠቅሳል። ይህ ስሕተት ነው። መስመር በመስመር መከራከር የጀመረ ሰው ጠበቃው የሠራውን ሰዓት ሁሉ ማስከፈል እንደሚችል ሳያውቀው አምኗል፤ የቀረው የትኛው ሰዓት ተገቢ ነው የሚለው ብቻ ነው። በምሳሌያችን የረዳቱ 5.2፣ የጽሕፈት ሥራው 1.8፣ ስለ ሒሳቡ የተነጋገሩበት 0.6፣ ከኢሜይሎቹ ደግሞ ከ0.1 በላይ የተቆጠረው 2.4 ሰዓት ሲደመሩ 10 ሰዓት ናቸው። ይህን ሁሉ ብታሸንፍ 3,200 ዶላር ታድናለች። በጣሪያው ብታሸንፍ ግን 6,144። ስለዚህ ጣሪያው ፊት ይሄዳል፤ የመስመሮቹ ጉዳይ «ጣሪያው ባይኖር እንኳ» በሚል ቃል ከኋላ ይከተላል።

ደብዳቤው የሚጻፈው ለጠበቃው ቢሆንም እውነተኛ አንባቢው ሌላ ነው። ጉዳዩ ካልተፈታ ከወራት በኋላ አንድ የግልግል ዳኛ ያነበዋል። ያ ሰው ስለ ምግብ ቤቱም፣ ስለ ደጉ ዘመን ወዳጅነታችሁም ምንም አያውቅም። የሚፈልገው ውሉን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተጠየቀውን ነገር ነው። ስለ ጠበቃው ጠባይ የተጻፈ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለእሱ ጊዜ ማባከኛ ነው። «ሌባ» የሚል ቃል ደግሞ የጻፈውን ሰው ነው የሚጎዳው። ከውል ማለፍና ማጭበርበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማጭበርበሩ ምሳሌ የሚሆነው ዌብስተር ሃበል ነው። በአርካንሶ በአንድ የታወቀ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ ሳለ ደንበኞቹንና ባልደረቦቹን በሐሰት ሒሳብ ወደ 400 ሺህ ዶላር የሚጠጋ አታልሎ፣ በኋላ በክሊንተን አስተዳደር ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ሹም ሆነ። በ1994 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን አምኖ በሚቀጥለው ዓመት የ21 ወር እስራት ተፈረደበት። የዕለት ተዕለቱ ችግር ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ሠራተኛው ይሠራል፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ኮምፒዩተሩ ያባዛል፤ ውሉ ላይ ያለውን ጣሪያ ግን ማንም ተመልሶ አያይም። ደብዳቤው ሲደርስ ብዙ ጊዜ የቢሮው ባለቤት ራሱ ስለ ጣሪያው የሚያስታውሰው ያን ጊዜ ነው። ሰውየው በክብር ወደ ውሉ እንዲመለስ በር ክፍት መተው ያዋጣል።

የምግብ ቤቷ ባለቤት ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል። የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ያለው ይዘቱ ነው።

ለክቡር ጠበቃ፣

ጉዳዩ፦ የሁለተኛው ወር ሒሳብ፣ የኪራይ ውል ድርድር

የላኩልኝ የ34.2 ሰዓት፣ የ10,944 ዶላር ሒሳብ ደርሶኛል። በከፊል እቀበለዋለሁ፣ በከፊል እቃወመዋለሁ።

የተፈራረምነው ውል በክፍያ አንቀጹ የኪራይ ድርድሩ ከ18 ሰዓት እንደማያልፍና ከዚያ በላይ ያለ እኔ የጽሑፍ ፈቃድ እንደማይሠራ ይገልጻል። ባለፈው ወር 7.5 ሰዓት ከፍያለሁ። የቀረው 10.5 ሰዓት ነበር። ጣሪያው እንደተቃረበ አልተነገረኝም፤ ፈቃድ አልተጠየቅሁም፤ በጽሑፍም አልሰጠሁም። ፈቅጃለሁ የሚያሰኝ ጽሑፍ ካለ እባክዎ ቅጂውን ይላኩልኝ።

ስለ ባንኩ ደብዳቤ የሠሩት 4.5 ሰዓት ከድርድሩ ውጭ እንደነበረና እኔ እንዳዘዝኩት አምናለሁ፤ እከፍላለሁም። ስለዚህ 10.5 እና 4.5፣ በድምሩ 15 ሰዓት፣ 4,800 ዶላር ከአደራ ሒሳቤ እንዲያነሡ በዚህ ደብዳቤ እፈቅዳለሁ። ቀሪውን 19.2 ሰዓት፣ 6,144 ዶላር አልቀበልም። አደራ ሒሳቡ ውስጥ የሚተርፈው 800 ዶላር የዚህ ክርክር አካል ስለሆነ፣ እስክንስማማ ወይም እስኪወሰን ድረስ እንዳይነሣ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ተነሥቶ ከሆነ ወደ አደራው ይመለስ።

ጣሪያው ባይኖር እንኳ ረዳት ጠበቃው ፋይሉን ለማወቅ ያነበቡበትን 5.2 ሰዓት፣ የጽሕፈት ሥራውን 1.8 ሰዓት፣ ስለ ሒሳቡ የተነጋገርንበትን 0.6 ሰዓት፣ በኢሜይሎቹም ከ0.1 በላይ የተቆጠረውን 2.4 ሰዓት እቃወማለሁ። በአንድ መስመር የተጻፈው 7.4 ሰዓትም በየሥራው ተለይቶ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።

የተስተካከለ ሒሳብ፣ የአደራ ሒሳቤን መግለጫና የሰዓት መዝገቡን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይላኩልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በኪራዩ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ ሳልፈቅድ ተጨማሪ ሰዓት እንዳይሠራ እጠይቃለሁ። ካልተስማማን ጉዳዩን ለዲሲ ባር የጠበቃና የደንበኛ ግልግል ቦርድ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ሁለት ገጽ አይሞላም። አንድ አንድ ቃሉ ግን ሥራ አለው። «ጽሑፍ ካለ ይላኩልኝ» የሚለው ማስረጃ የማምጣቱን ሸክም ፈቃዱን አገኘሁ በሚለው ላይ ያስቀምጣል፤ የተረሳ ኢሜይል ካለም ግልግል ሳይደረስ አሁኑኑ ይወጣል። እሷም ብትሆን ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት የኢሜይልና የቴክስት ሣጥኗን መፈተሽ አለባት። «እሺ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጉ» ብላ በሌሊት የጻፈችው አንድ መስመር ጣሪያውን ሊያፈርሰው ይችላል። «ከዛሬ ጀምሮ ተጨማሪ ሰዓት እንዳይሠራ» የሚለው ደግሞ ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ ቆጣሪው እንዳይቀጥል ነው። ይህን የሚረሳ ደንበኛ በሦስተኛው ወር ሌላ 12 ሰዓት ይደርሰዋል።

ደብዳቤው በኢሜይልም በሰርቲፋይድ ሜይልም ይላካል፤ የመድረሻ ደረሰኙ ይቀመጣል። ውሉና ሁለቱም ሒሳቦች አብረው ይያያዛሉ። ቼክ ላይ «ሙሉ ክፍያ» ብሎ ጽፎ መላክን እንደ ዘዴ የሚመክሩ አሉ። የራሱ ሕግና የራሱ ወጥመድ ያለው ነገር ስለሆነ ያለ ምክር አይነካ።

መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? በብዛት የሚሰማው የአከራዩ ጠበቃ አስቸጋሪ ስለነበረ ሥራው በዛ የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ጣሪያ የሚቀመጠው ግን ለዚሁ ነው፤ ሥራው ቢበዛ ጉዳቱ በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን አስቀድሞ ለመወሰን። ሥራው ሲበዛ ጠበቃው በ16ኛው ሰዓት ላይ ቆሞ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር። ሌላው መልስ የበለጠ ያሠጋል፦ «በየቀኑ ትጻጻፊ ነበር፤ ሥራው እየሄደ እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ በተግባር ፈቅደሻል።» በወር በወሩ ከጣሪያው ያለፈ ሒሳብ እየደረሰው ዝም ብሎ ሲከፍል በኖረ ደንበኛ ላይ ይህ ክርክር ሊያሸንፍ ይችላል። የእኛዋ ግን ከጣሪያው ያለፈውን ሰዓት ያየችው በአንድ ሒሳብ ላይ ነው፤ ወዲያውም ተቃውማለች። የቀጠለ ኢሜይል ሥራው እየሄደ እንደሆነ ያሳያል እንጂ 18ኛው ሰዓት እንዳለፈ አያሳይም። ሰዓቱን የሚቆጥረው ጠበቃው ብቻ ነው።

ቢሮው ፋይሉን ይዞ «ካልከፈልሽ አልሰጥሽም» ሊልም ይችላል። በዲሲ ይህ መብት እጅግ ጠባብ ነው። በደንብ ቁጥር 1.8 መሠረት ጠበቃው ሊይዘው የሚችለው ራሱ ያዘጋጀውን፣ ያውም ያልተከፈለበትን ሥራ ብቻ ነው፤ የእሷን ሰነዶች አይደለም። ደንበኛው መክፈል ካቃተው፣ ወይም መያዙ ሊጠገን የማይችል ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ ያንንም መያዝ አይፈቀድለትም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ላይ ያለ እንደሆነ ደግሞ፣ ሒሳብ ስለተከራከሩበት ብቻ ጠበቃው በማግስቱ ጥሎ መውጣት አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ የዳኛውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

የግልግል ቦርዱን በተመለከተ ዲሲ ከጎረቤቶቿ ትለያለች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የክፍያ ግልግል የሚካሄደው ጠበቃውም ሲስማማ ነው። በዲሲ ግን ደንበኛው ከጠየቀ ጠበቃው እንደተስማማ ይቆጠራል፤ መገኘት ግዴታው ነው። ውሳኔውም ሁለቱንም ያስራል። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ደንበኛ ጠበቃው በዲሲ ቢሮ በኩል አገልግሎት ሰጥቶት እንደሆነ ማጣራቱ ይጠቅመዋል። በካሊፎርኒያም ደንበኛው ከመረጠ ግልግሉ ለጠበቃው ግዴታ ነው፤ ጠበቃው ለክፍያ ሲከስ፣ መጥሪያው ለደንበኛው ከመድረሱ በፊት ወይም ሲደርስ ይህን መብት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛው ያ ማስታወቂያ ከደረሰው ግን በ30 ቀን ውስጥ ካልጠየቀ መብቱን ያጣል። የግልግል ቦርድ ስለ ገንዘብ ብቻ ይወስናል። የሥነ ምግባር ክስ በሌላ መሥሪያ ቤት የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነውና ደብዳቤው ውስጥ እንደ ማስፈራሪያ መግባት የለበትም።

ሒሳቡ የመጣው ከጠበቃ ሳይሆን ከአማካሪ ከሆነ የአደራ ሒሳብም፣ ባርም፣ የግልግል ቦርድም የለም። ያለው ውሉ ብቻ ነው። ደብዳቤው ግን በዚያው መልክ ይጻፋል፤ ጥሩ ውል ደግሞ ይህንኑ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። አገራችን ውስጥ በዓለም ባንክ ብድር የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን የሚያውቅ ሰው በጊዜ የሚከፈለውን መደበኛ የአማካሪ ውል ያስታውሳል። ውሉ የክፍያ ጣሪያ አለው። አማካሪው ክፍያው የጣሪያውን 80 በመቶ ሲደርስ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ ከጣሪያው በላይ ለመክፈል የውል ማሻሻያ መፈረም ይኖርበታል። አሠሪውም በሒሳቡ ላይ ቅር ሲሰኝ ሊይዝ የሚችለው በበቂ ያልተደገፈውን ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላውን ይከፍላል። በምሳሌያችን ውል ውስጥ ያቺ የ80 በመቶ ማስታወቂያ ብትኖር ኖሮ ጠበቃው በ14ኛው ሰዓት ከግማሽ ገደማ ላይ ይጽፍላት ነበር። አሁን የጥብቅና ውል ለመፈረም ላይ ያላችሁ ይህን አንድ መስመር አስገቡ።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ክርክር ግልግል ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። ቢሮው ደውሎ «ግማሹን እንተውልሽ» ሊል ይችላል። መቀበልና አለመቀበል የእሷ ነው፤ 6,144 ዶላር ላይ 1,000 ዶላር ጨምሮ ነገሩን መዝጋት አንዳንዴ ከክርክሩ ይረክሳል። ብቻ የተስማሙበት ነገር በስልክ አይቅር። የሚከፈለው መጠን፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ሒሳብ ምንም ዕዳ እንደሌለ፣ ከአደራው የሚመለሰው ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚደርስና ፋይሉ መቼ እንደሚረከብ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ። ያ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ቼክ አትላኩ።